ለቆዳ ቦርሳ ቅድመ ትዕዛዝ ከፎቶው ሥር ምን ልጻፍ? ቀብዱ፣ ቀኑና ማድረሻው አስቸግሮኛል

ቱሉ ዲምቱ ስፌት

ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። አንዷን ክፍል ወርክሾፕ አድርጌ የሴት የቆዳ ቦርሳ እሰፋለሁ። ያለነው እኔና አንዲት ረዳት ነን።

ለገና ቅድመ ትዕዛዝ ልከፍት ነው። ቴሌግራም ላይ ከፎቶው ሥር የምጽፈውን እንድታርሙልኝ ፈልጌ ነው። ለመስቀል የለጠፍኩት ይኸውላችሁ፦

«ውድ ደንበኞቻችን፣ በእጅ የተሠራ ኦሪጂናል የቆዳ ቦርሳ ይዘዙን! በ500 ብር ቀብድ ብቻ! በ7 ቀን ውስጥ ያሉበት ድረስ እናደርሳለን። ዴሊቨሪ በነፃ። ዋጋ በውስጥ መስመር።»

በሦስት ቀን 23 ሰው አዘዘ። እልል አልኩ። ከዚያ ግን ጉድ ፈላ። የመጨረሻዋ ቦርሳ የወጣችው በ41ኛው ቀን ነው። ስድስት ሰው ስልክ ማንሳት አቆመ። ለሞተር የከፈልኩት ትርፌን በላው። ከስድስቱ የአንዷ ስም ቆዳው ላይ ታትሟል፤ ቦርሳዋ እስካሁን ቁም ሳጥኔ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። አንዷ ደንበኛ ደግሞ «ቀብዴን እጥፍ መልሺ» ብላ ነገረችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ምን ብዬ ልጻፍ?

ሚሚ ገላን

ጥቁር አለ? ዋጋው ስንት ነው?

ቱሉ ዲምቱ ስፌት

ሚሚዬ፣ እዚህ ለሽያጭ አይደለም የጻፍኩት፣ ምክር ፈልጌ ነው 😅 ጥቁር ግን አለ።

በያ ነጋዴ

እህቴ ነገሩ ቀላል ነው። «ቀብድ አይመለስም» ብለሽ በትልቁ ጻፊ፣ አለቀ። ሕጉም ከአንቺ ጋር ነው። 7 ቀኗን ግን እንዳትነኪያት። አንድ ወር ካልሽ ማንም አያዝም፤ የሀበሻ ደንበኛ ዛሬ አይቶ ነገ ነው የሚፈልገው።

ጋሽ መርፌ

በያ፣ ሁለተኛው ምክርህ ልጅቱን ዳግም ገደል ይከታታል።

ልጄ፣ እኔ ቆዳ ላይ 26 ዓመት ሆኖኛል። ጽሑፉን ከማረምሽ በፊት ሂሳቡን እንይ። አንድ ቦርሳ ስንት ስኩዌር ፊት ቆዳ ይበላል? ስንት ትሸጫታለሽ? በሳምንት ስንት ታወጣላችሁ? የምታስቢውን ሳይሆን በመስቀል ጊዜ የወጣውን ንገሪኝ።

ቱሉ ዲምቱ ስፌት

ጋሼ፣ ብጣሹ ተቆጥሮ 10 ፊት ገደማ ትበላለች። የላም ቆዳውን አንዱን ፊት በ160 ብር ገዝቻለሁ። ገበር፣ ዚፕ፣ ማንጠልጠያ፣ ክርና ማስቲሽ አንድ ላይ 550 ብር ይደርሳሉ። የምሸጠው 4,800 ነው። በሳምንት ስድስት እናወጣለን ብዬ ነበር። የወጣው ግን አራት ነው። መብራት የጠፋበት ቀን አለ፣ ረዳቴ የታመመችበትም አለ።

ጋሽ መርፌ

በይ እንግዲህ። ለአንዷ ቦርሳ ገና ሳትሰፊ ከኪስሽ የሚወጣው 1,600 ለቆዳ፣ 550 ለሌላው፣ በድምሩ 2,150 ብር ነው። አንቺ የተቀበልሽው 500 ነው። ለ23 ቦርሳ 11,500 ሰበሰብሽ፤ ቆዳው ብቻ 36,800 ይፈልጋል። ስለዚህ ቆዳውን በአንዴ መግዛት አልቻልሽም። ልክ ነኝ?

ቱሉ ዲምቱ ስፌት

ልክ ነዎት። አራት ጊዜ ነው የተመላለስኩት። ቡናማው በየጊዜው ሌላ ቡናማ ሆነ። ሁለት ሰው «ፎቶው ላይ ያየነው ይሄ አይደለም» ብሎ መለሰብኝ።

ጋሽ መርፌ

ያ ቀለም ሊገጥም አይችልም። ቆዳ ፋብሪካው አንድ ጊዜ ያቀለመው ከሚቀጥለው ጊዜ ጋር ቁርጥ አንድ አይሆንም። የአንድ ዙር ትዕዛዝ ቆዳ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ክምር፣ ጎን ለጎን ፀሐይ ላይ ታይቶ ነው የሚገዛው። ለዚህ ደግሞ ገንዘቡ አስቀድሞ መሰብሰብ አለበት።

ስለዚህ ቀብዱ ደንበኛን ለመሳብ የሚቀመጥ ቁጥር አይደለም። ትንሹ ልኩ ዕቃው የሚያወጣው ገንዘብ ነው። አንቺ ጋ 2,150 ነው። ግማሽ ካልሽ 2,400 ይሆናል፤ ዕቃውን ይሸፍንና 250 ይተርፋል። 30 በመቶ ካልሽ 1,440 ነው፣ አይበቃም። ስም የሚታተምበትን ደግሞ ሙሉውን አስቀድመሽ ተቀበዪ። የሰው ስም ያለበት ቦርሳ ለሌላ ሰው አይሸጥማ።

ቀኑስ? በሳምንት አራት ካወጣሽ 23 ቦርሳ ስድስት ሳምንት ሊሞላ ምንም አይቀረው። 41 ቀን የፈጀው ሰንፈሽ አይደለም። ሂሳቡ ያኔውኑ ይህን ይል ነበር።

ሰሚት 72

እኔ በደንበኛ በኩል ልናገር። ከአንቺ አይደለም የገዛሁት፣ ከሌላ ልጅ ነው። 10 ቀን ተባልኩ፣ አንድ ወር ቆየሁ። ያናደደኝ ወሩ አልነበረም፤ አንድ ወር ብትለኝም አዝዝ ነበር። ያናደደኝ በየሳምንቱ «ነገ ይደርሳል» መባሌ ነው። እሷ ዝም ስትል ተበላሁ ብዬ በየግሩፑ ለጠፍኳት። በኋላ ቦርሳው መጣ፣ በጣም አሪፍ ነበር። ጽሑፉን አጠፋሁት፣ ስክሪንሾቱ ግን ዛሬም ይዞራል። አሁንም ይቆጨኛል።

በያ ነጋዴ

እሺ ቀኑን ተውኩት። «ቀብድ አይመለስም» ግን ልክ ነኝ።

ሕግ ቢጤ

ግማሽ ልክ ነህ። ሕግ ተምሬያለሁ፣ ጥብቅና ላይ ግን አልሠራም። ስለዚህ እንደ ጎረቤት ምክር ውሰዱት።

«ቀብድ» እንዲሁ የገበያ ቃል ይመስለናል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ለብቻው ቁጥር ሰጥቶታል። 1883 ላይ ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው ይላል። ወሳኙ ግን 1885 ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ቀብዱን ለቆ ውሉን መተው ይችላል። ያንተ «አይመለስም» እዚህ ጋ ልክ ነው። የዚያው ቁጥር ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ቀብድ የተቀበለውን ይመለከታል። እሱ ውሉን ከተወ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

ስለዚህ ያቺ ደንበኛ አልቀለደችም። ወይ ሕግ ታውቃለች፣ ወይ ቤት ሲገዛ የሰማችውን ይዛለች። ቤትና መኪና ላይ ይህን ሁሉም ያውቃል። ቦርሳ ላይ ሲሆን ነው የሚረሳው።

ቱሉ ዲምቱ ስፌት

ወይኔ! እኔ እኮ ለሁለት ሰው «አልቻልኩም፣ ቀብዳችሁን ልመልስ» ብዬ 500 500 መልሻለሁ። 1,000 1,000 ነበር ማለት ነው?

ሕግ ቢጤ

ሌላ ነገር ካልተስማማችሁ፣ በወረቀቱ እንደዚያ ነው። ደግነቱ ሕጉ ራሱ «ሌላ ስምምነት ከሌለ» ይላል። የምትጽፊው ጽሑፍ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። አንቺ ማድረስ ካልቻልሽ ምን እንደሚሆን፣ ደንበኛው ከተወ ምን እንደሚሆን ሁለቱንም ጻፊ። ደንበኛው አንብቦ «ተስማምቻለሁ» ብሎ ከከፈለ ያ የእናንተ ስምምነት ነው። የእሱን ግዴታ ብቻ ጽፈሽ የአንቺን ከዘለልሽ ግን፣ ባዶ የተተወውን ሕጉ ይሞላዋል።

ሰበታ ጫማ

እኔ ጫማ ነው የምሠራው፣ ሰበታ። «ቀብድ» የሚለውን ቃል ጭራሽ ትቼዋለሁ። «ቅድመ ክፍያ» ነው የምለው። እጥፍ የሚባል ጣጣ የለውም።

ሕግ ቢጤ

ሰበታ፣ ጥሩ ዘዴ ነው፣ ግን ሁለት አፍ አለው። ቅድመ ክፍያ የዋጋው ክፍል ነው። ደንበኛህ ሐሳቡን ቢቀይር በቀጥታ «ያንተ ሆነ» አትለውም። ጉዳትህን አሳይተህ ነው የምትቀንሰው። ቀብድ ካልከው ደግሞ ያንተ ይሆናል፣ እጥፉም አብሮ ይመጣል። ደግሞ ቃሉን ብትቀይርም ሁለታችሁ ቀብድ ማለታችሁ ከነበረ ክርክር አይጠፋም። እኔ ብሆን ቃሉን ሳልፈራ የሚሆነውን በግልጽ እጽፋለሁ።

ሰበታ ጫማ

መዘግየትስ? 10 ቀን ብዘገይ ውሉን ትተሃል ልባል ነው?

ሕግ ቢጤ

እዚህ ጋ ነው የሚያከራክረው። ዘገየ ማለት ተወ ማለት አይደለም እላለሁ እኔ። አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ግን ለበዓል የታዘዘ ዕቃ በዓሉ ካለፈ በኋላ ቢመጣ እንዳልመጣ ነው ይላል። እንደ ሁኔታው ይታያል። ለዚህ ነው «ከዚህ ቀን ካለፈ ገንዘብዎን ሙሉውን ይወስዳሉ» የሚል ቁርጥ ያለ ቀን የሚያስፈልጋት።

ሰሚት 72

እኔ ከጓደኛህ ጋር ነኝ 😄 የገና ስጦታ ለጥምቀት ምን ያደርጋል?

ጋሽ መርፌ

ወደ ቀኑ እንመለስ። «በ7 ቀን» ያልሽው ከመቼ ጀምሮ ነው? ካዘዘበት? ከከፈለበት? ቆዳ ከገዛሽበት? ደንበኛው የሚቆጥረው «እፈልጋለሁ» ብሎ ከጻፈበት ማታ ጀምሮ ነው። እሑድንም ይቆጥራል፣ በዓልንም ይቆጥራል።

የቀን ብዛት አትጻፊ። ቀኑን ራሱን ጻፊ። ትዕዛዝ የሚዘጋበትን አንድ ቀን፣ ርክክብ የሚሆንበትን አንድ ቀን። ለምሳሌ ቅዳሜ ኅዳር 20 ዝጊ። ሰኞ ቆዳ ግዢ፣ ማክሰኞ ቆረጣ ጀምሪ። በሳምንት አራት ካልሽ በሦስት ሳምንት 12 ትሆናለች። እንግዲህ 12 ብቻ ነው የምትቀበዪው፤ አሥራ ሦስተኛው ለጥምቀት ይጠብቅ። አራተኛውን ሳምንት ባዶ ተዪው። ለመብራቱ፣ ለሚበላሸው ዚፕ፣ ለሚፈታ ስፌት። ርክክቡ ቅዳሜ ታኅሣሥ 18 ይሁን። ገና ከ11 ቀን በኋላ ነው፤ ብትዘገዪ እንኳ መተንፈሻ አለሽ።

ሚሚ ገላን

ታኅሣሥ 19 እኮ ቁልቢ ገብርኤል ነው። ግማሹ ደንበኛሽ ቅዳሜ መንገድ ላይ ነው።

ቱሉ ዲምቱ ስፌት

እውነትሽን ነው ሚሚ! ረዳቴ ራሷ ስለት አለባት፣ ትሄዳለች። እንግዲህ ቅዳሜ ለማይመቻቸው ሌላ ቀን እጨምራለሁ። በዚያውስ ላይ፣ ቀኑን በኛ ነው በፈረንጅ የምጽፈው? ባለፈው «በ18 ትደርሳለች» ስላት አንዷ በፈረንጅ ቆጥራ ተጣልተናል።

ሰሚት 72

ሁለቱንም ጻፊ፣ ከነቀኑ። «ቅዳሜ ታኅሣሥ 18፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 27»። ቢሮ የሚውል ሰው በፈረንጅ ነው የሚያስበው፣ እናቴ ደግሞ በኛ።

ጋሽ መርፌ

ማድረሻውን አሁን። ልጄ፣ ቱሉ ዲምቱ ሆነሽ «ያሉበት ድረስ በነፃ» ማለት ምን አስበሽ ነው?

ቱሉ ዲምቱ ስፌት

ሌሎቹ ሁሉ እንደዚያ ስለሚጽፉ ነዋ ጋሼ። አብዛኛው ደንበኛዬ ግን ቦሌ፣ ሲኤምሲ፣ አያት ነው። ሞተረኛው አያት ደርሶ «ስልክ አታነሳም» ብሎ ይመለሳል። የመሄጃውንም የመመለሻውንም እከፍላለሁ። አንዷ ጋ ሦስት ጊዜ ሄደ።

ሰበታ ጫማ

እኔም ያው ነበርኩ። አሁን ቀሪውን ሳይከፍሉ ዕቃ ከበሬ አይወጣም። ያለቀውን ጫማ በቪዲዮ እልካለሁ፣ ከሥርም ከላይም። ደንበኛው አይቶ ቀሪውን በቴሌብር ይልካል፣ ከዚያ ሞተር ይጠራል። የሞተሩን ሂሳብ ራሱ ከሞተረኛው ጋር ይጨርሳል። አንድ ነገር ግን፦ የተላከልሽን ስክሪንሾት አትመኚ። የራስሽ ሂሳብ ላይ መግባቱን እይ። አንዴ ተበልቻለሁ።

ሰሚት 72

አልስማማም። እኔ ቦርሳውን ሳልነካ 4,800 ሙሉውን ለማላውቀው ሰው አልከፍልም። ቪዲዮ ላይ ዚፑ ይጠብቅ ይላላ አይታወቅም። ቀብድ ከፍያለሁ፣ ቀሪውን በር ላይ እሰጣለሁ።

ሰበታ ጫማ

እና በር ላይ «ቀለሙን አልወደድኩትም» ብትይኝስ? የሰበታ መንገድ ማን ይከፍልልኛል?

ሰሚት 72

እሱ ያንተ አደጋ ነው፣ ነጋዴ ነህ።

ጋሽ መርፌ

ሁለታችሁም ሀቅ አላችሁ፤ ይህን የሚፈታ አንድ መልስ አላውቅም። እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ርክክብ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ መሐል ላይ ነው። ቅዳሜ ሳሪስ የአጎቴ ልጅ ሱቅ አስቀምጣለሁ። ደንበኛው መጥቶ ዚፑን ከፍቶ ዘግቶ፣ ገበሩን አይቶ፣ ቀሪውን ከፍሎ ይወስዳል። መምጣት ያልቻለ ቀሪውን ከፍሎ በራሱ ሞተር ያስወስዳል። ክፍለ ሀገር የሚሄድ ደግሞ አስቀድሞ ይከፍላል፣ በአውቶቡስ ይጫንለታል፤ የጭነቱ በእሱ ነው። ምርጫው ለደንበኛው ነው፤ መንካት የፈለገ ይመጣል፣ መቀመጥ የፈለገ ያምናል።

ቱሉ ዲምቱ ስፌት

እኅቴ መገናኛ ሱቅ አላት! ለአያቱም ለሲኤምሲውም ይቀርባል።

በያ ነጋዴ

ጽሑፉ እየረዘመ ነው። ይሄን ሁሉ ማን ያነባል? ደግሞ ቴሌግራም ከፎቶ ሥር 1024 ፊደል ብቻ ነው የሚቀበል፣ ለፕሪሚየም ካልከፈልሽ።

ሰሚት 72

እዚህ ላይ በያ ልክ ነው። ዋጋ፣ ቀብድና ቀን መጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ ይሁኑ። «ዋጋ በውስጥ» የሚለውንም ተዪው፤ እኔ ካየሁት አልፌ ነው የምሄደው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከተለጠፈ በኋላ ጽሑፉን አትቀይሪ። ዋጋ ብትቀይሪ «የተስተካከለ» የሚል ምልክት ይወጣል፣ ሰው ይጠረጥራል። ለሚቀጥለው ዙር አዲስ ለጥፊ።

ጋሽ መርፌ

ስለ ቆዳው ራሱም አንድ መስመር ጨምሪ። የኛ ከብት ሜዳ ነው የሚውለው፤ እሾህ ይጭረዋል፣ መዥገር ይነክሰዋል። ጠባሳው ቆዳው ላይ ይቀራል። በግና ፍየል ላይ ደግሞ እከክ የተወው ነጠብጣብ አለ። ያንን ሳታስታውቂ ከላክሽ «ተበላሸ» ይሉሻል። ግን ይህን ሰበብ አድርገሽ የሆድ አካባቢ ቆዳ ፊት ለፊት እንዳትሰፊ! ሆዱ ይለጠጣል፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ቦርሳው ቅርጹን ያጣል። እሱን ለውስጥ ኪስ አድርጊው።

ቱሉ ዲምቱ ስፌት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። እስቲ እዩልኝ፦

«በእጅ የተሰፋ የላም ቆዳ ቦርሳ፣ ለገና። ዋጋ 4,800 ብር። ቀብድ 2,400 ብር።

የምንቀበለው 12 ትዕዛዝ ብቻ ነው። ትዕዛዝ የሚዘጋው ቅዳሜ ኅዳር 20 (በፈረንጅ ኖቬምበር 29) ወይም 12 ሲሞላ ነው። ቦታዎ የሚያዘው ቀብዱ ሂሳባችን ሲገባ ነው።

ርክክብ ቅዳሜ ታኅሣሥ 18 (ዲሴምበር 27)፣ መገናኛ። አይተው፣ ነክተው፣ ቀሪውን 2,400 ከፍለው ይወስዳሉ። ቅዳሜ ካልተመቸዎት እስከ ታኅሣሥ 25 እናስቀምጣለን። በሞተር ወይም ወደ ክፍለ ሀገር ከፈለጉ ቪዲዮ እንልካለን፣ ቀሪውን ቀድመው ይከፍላሉ፣ የማድረሻው ሂሳብ በእርስዎ ነው።

ትዕዛዙ ከተዘጋ በኋላ ሐሳብዎን ቢቀይሩ ቀብዱ አይመለስም። እኛ እስከ ታኅሣሥ 25 ካላስረከብን የከፈሉትን በሙሉ በሁለት ቀን ውስጥ እንመልሳለን።

ስም የሚታተምበት ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ። ቆዳው ላይ ትንንሽ የተፈጥሮ ምልክቶች ይኖራሉ። የስፌትና የዚፕ ብልሽት እስከ 3 ወር በነፃ እንጠግናለን።

ለማዘዝ፦ ቀለም፣ ስልክ እና "ተስማምቻለሁ" ብለው ይላኩ።»

ሕግ ቢጤ

ጥሩ ነው። «የከፈሉትን በሙሉ» ካልሽ በኋላ «ከዚያ ውጭ ተጨማሪ ክፍያ የለም» በይ። እጥፉ የሚቀረው ሲነገር ነው እንጂ ዝም ሲባል አይደለም።

ሰሚት 72

እንዴ! እሷ ብትቀር የእኔው ብር ብቻ፣ እኔ ብቀር 2,400 መቀጣት? ይሄ እኮ ፍርደ ገምድል ነው። እኔ ይህን ካነበብኩ አላዝም።

ቱሉ ዲምቱ ስፌት

ሰሚት እውነት አላት። የተወሰነ ብር ልጨምር? 300 ብር «የይቅርታ» ልበል?

ጋሽ መርፌ

500 አድርጊው። ራስሽንም ያተጋሻል።

በያ ነጋዴ

ለራሷ ቅጣት ጽፋ የምትለጥፍ ነጋዴ ዛሬ አየሁ 😂

ቱሉ ዲምቱ ስፌት

500 ጻፍኩ፣ ለጠፍኩት። እስካሁን አራት ሰው «ተስማምቻለሁ» ብሏል፣ ሦስቱ ከፍለዋል። አንዷ ያቺው እጥፍ መልሺ ያለችኝ ልጅ ናት።

ሚሚ ገላን

ጥቁሯን ለእኔ ያዢልኝ፣ ማታ ቀብዱን እልካለሁ።

ቱሉ ዲምቱ ስፌት

ሚሚዬ፣ ቦታ የሚያዘው ሲገባ ነው ተብሏል 😄 ዘጠኝ ቀርቷል።